ከሉማሜ በስልክ የተነበበልኝ ሎግ

ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ የሰው ኮምፒውተር ሳክም ስንት ሰው ጮኾብኛል! የማመሰግናቸው ግን አንዲት ሴት አሉ፤ የሉማሜ ጤና ጣቢያ የመድኃኒት መጋዘን ኃላፊ።

አንድ ቀን ጠዋት ደወሉልኝ። የመድኃኒት ጥያቄያቸውን የሚልኩት በቪፒኤን፣ ማለትም ኮምፒውተራቸውን ከእኛ የመድኃኒት ማከፋፈያ ማዕከል ጋር በሚያገናኝ ምስጢራዊ መስመር ነው። እሱ እንቢ ብሏል። ጥያቄው ከምሳ በፊት ካልደረሰ የማዕከሉ መኪና የእሳቸውን ኢንሱሊን ሳይጭን ይነሳል። እዚያ ሉማሜ መድኃኒቱን ከሚጠብቁት አንዷ እናቴ ነበረች።

ባልደረባዬ አዲስ የይለፍ ቃል በስልካቸው ልኮላቸው ነበር። እኛ እንዲህ ነን፤ ሰው «አልገባ አለኝ» ካለን የይለፍ ቃል ቀይረን እፎይ እንላለን። አሁንም አልገናኝ አለ።

«እትዬ፣ ሎጉን፣ ቪፒኤኑ የሠራውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ጽሑፍ፣ ይክፈቱና ያንብቡልኝ። አንድም መስመር እንዳይዘሉ።»

«ዳዊት ልድገምልህ ነው እንዴ!» አሉና ጀመሩ።

የይለፍ ቃል ቢሳሳት «ኦዝ ፌይልድ» የሚል ይመጣ ነበር፤ የለም። ኔትወርኩ ባይደርስ «በስልሳ ሰከንድ ውስጥ መስማማት አልተቻለም» የሚል ይመጣ ነበር፤ እሱም የለም። ሆሄ በሆሄ ያነበቡልኝ «ቬሪፋይ ኤረር፣ ሰርተፊኬት ኢዝ ኖት የት ቫሊድ» የሚል ነበር፤ ከሥሩም «ሃንድሼክ ፌይልድ»፣ ትውውቁ ከሸፈ ማለት ነው። የእኛ ሰርቨር፣ ማለትም የማዕከሉ ዋና ኮምፒውተር፣ መልሷል፤ የእሳቸው ኮምፒውተር ግን የሰርቨሩን ሰርተፊኬት፣ እንደ መታወቂያው ያለውን፣ አላምንም ብሏል። ጊዜው ስላለፈበት አይደለም፤ ገና ስላልጀመረ ነው። የይለፍ ቃሉ ገና ከቤቱም አልወጣም።

«መስመሩ መጀመሪያ ላይ ያለው ዓመት ስንት ይላል?»

ሲነግሩኝ ሳቄ አመለጠኝ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የኮምፒውተሩ ቀን ተዛብቶባቸው፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አይተው አስተካክለውታል። በእኛው አቆጣጠር። ኮምፒውተሩ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ሰርተፊኬቱ ገና ያልተሰጠበት ዘመን ላይ ተቀምጧል።

«ታዲያ የማንን ዘመን ላስገባለት ኖሯል?»

«የፈረንጁን፣ እትዬ።»

አስተካክለው እንደገና ሞከሩ። «አሁን ኦዝ ፌይልድ ይላል» አሉኝ። እኔ በደስታ ጠረጴዛውን መታሁ።

«ወደቅሁ ስልህ ደስ ይልሃል?»

«በሩ ተከፍቷል ማለት ነው፤ ሰርቨሩ የጠላው የይለፍ ቃሉን ብቻ ነው። የድሮውን አስገብተው ይሆናል።»

እውነትም የድሮውን ነበር። ከስልካቸው አዲሱን እያዩ ጻፉ፣ ከዚያም የመጨረሻውን መስመር ቃል በቃል አነበቡልኝ፦ «ኢኒሺያላይዜሽን ሲኩዌንስ ኮምፕሊትድ»። ተገናኘ። ጥያቄውም ከምሳ በፊት ደረሰ።

በማግስቱ እናቴ ደውላ መድኃኒቷን እንደወሰደች ነገረችኝ። ወዲያው ለእትዬ ደወልኩና አመሰገንኳቸው። «ለምኑ?» አሉ ግራ ገብቷቸው። ቢሰለቻቸው፣ ያቺን አንዲት መስመር ቢዘሏት ኖሮ፣ እኔ እስከ ማታ የይለፍ ቃል ስቀይር እውል ነበር። ከዚያ ኢንሱሊን አንዷ ብልቃጥ የእናቴ እንደነበረች ያን ቀን ነገርኳቸው። «ምነው ቀድመህ ብትነግረኝ፣ ሮጬ ባነበብኩ» አሉኝ። ያልነገርኳቸው ለዚያ ነበር፤ እንዳይሮጡብኝ።