የጋሽ ላቀው ረጅም ኢሜይል

ጋሽ ላቀው በደርግ ዘመን መካነ ሰላም ውስጥ የመንግሥት ታይፒስት ነበሩ። ያኔ መፈክር የጎደለው ደብዳቤ ጸሐፊውን ያስጠይቅ ስለነበር፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ አጭር ደብዳቤ መጻፍ አይደፍሩም።

የሰፈሩ የውሃ ፓምፕ ሲበላሽ፣ ለተከለው ድርጅት ኢሜይል የጻፉት እሳቸው ናቸው። ከሳምንት በኋላ መልስ መጣ፦ «መልካም ምኞትዎ ደርሶናል፤ እናመሰግናለን።»

«ፓምፑስ?» አሉ ቱግ ብለው።

የኮምፒውተር ቤቱ ባለቤት ብርሀንነሽ የላኩትን ኢሜይል ከፍታ አነበበች። «ጋሼ፣ የፓምፑ ጉዳይ የተነሳው እኮ ከሠላሳ መስመር ምስጋናና ምርቃት በኋላ ነው። ማን እዚያ ይደርሳል?»

«ታዲያ እንደ ባለጌ ዘው ብዬ ልግባ?»

ብርሀንነሽ ርእሱ ላይ የነበረውን «በታላቅ ትሕትና የቀረበ ሰላምታ» አጥፍታ «የተበላሸ የውሃ ፓምፕ፣ መካነ ሰላም» ብላ ጻፈች። ከሥሩ አንድ ሰላምታ፣ ፓምፑ የቆመበትን ቀን፣ ውሃ ያጡትን ሰባ አባወራዎች፣ የጥገና ጥያቄውንና የጋሽ ላቀውን ስልክ ቁጥር አስቀመጠች። መጨረሻ ላይ የነበረችውን «ከአክብሮት ጋር» ግን ጋሽ ላቀው አላስነካ አሉ፤ እሷም ተወችላቸው። ሲላክ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

በማግስቱ እዚያው ኮምፒውተር ቤት ተቀምጠው ሳለ ስልካቸው ጮኸ፤ የደወለው የድርጅቱ ሠራተኛ ነበር። «አባባ፣ ባለሙያችን ሐሙስ ይመጣል። ጊዜያችንን አክብረው ጉዳዩን በአጭሩ ስለነገሩን እናመሰግናለን።»

ጋሽ ላቀው እፎይ አሉ። «ሰማሽ? ‹አክብረው› አለኝ! በይ አሁን ምስጋና ጻፊልኝ… በአንድ መስመር!»