ስድስት ሰዓት ላይ የሚበራው ቴሌቪዥን

እትዬ ዘመነች ዕድሜያቸውን የጨረሱት ቀራንዮ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ደወል ሲደውሉ ነው። ዳይሬክተሩ ሳይቀር የእጅ ሰዓቱን የሚያስተካክለው በእሳቸው ደወል ነበር ይባላል። ጡረታ ከወጡም በኋላ አመላቸው አልለቀቃቸውም። የተሳሳተ ሰዓት ካዩ የሰው ቤትም ቢሆን ተነስተው ካላስተካከሉ አርፈው አይቀመጡም። እኔ ግቢያቸው ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ልብስ እሰፋለሁ። አንድ ጊዜ ለደንበኛ «ነገ ይደርሳል» ስል ሰምተው በመስኮት ብቅ አሉና «ስንት ሰዓት ላይ?» አሉኝ። ልብስ ሰፊ እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም፤ ሳምንቱን ሙሉ አኮረፍኳቸው።

ባለቤታቸው ጋሼ ጌታሁን በ2016 ጥር ላይ አረፉ። የሚንቀሳቀስና የሚናገር ምስላቸው የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ኢንተርኔት ላይ የጫነው ቪዲዮ። ጋሼ ጌታሁን ብቻቸውን ቆመው ይዘምራሉ። መጨረሻው ላይ የረዘመባቸው መስሏቸው ፊት ወንበር ላይ ወዳሉት ሚስታቸው ዞር ይሉና «ዘመኔ፣ ሰዓት አልፏል እንዴ?» ይላሉ። የእትዬ ዘመነች ድምፅ ከካሜራው ጀርባ «ገና ነው» ሲል ሕዝቡ ይስቃል።

እትዬ ዘመነች ይህችን ቪዲዮ አመሻሽ ላይ በቴሌቪዥን ሳያዩ የዋሉበት ቀን የለም። ስልካቸው ባለ ቁልፍ ነው፣ ኢንተርኔት አያውቅም፤ የሰው ስልክ ላይ እንዳያዩ ደግሞ ዓይናቸው ደክሟል። ጋሼ ጌታሁን ሲጠይቁ እሳቸውም ሶፋው ላይ ሆነው «ገና ነው» ብለው ይመልሳሉ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ እኔ ሁለቱንም «ገና ነው» እሰማለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ያስቀኝ ነበር፤ በኋላ ግን ካልሰማሁት ቀኑ የመሸ አይመስለኝም ነበር።

ኅዳር ላይ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ውሎ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመለሰ። ዋይፋዩ ገና አልተነሳም ነበርና ቴሌቪዥኑ ቀኑም ሰዓቱም ጠፍቶበት ነቃ። እትዬ ዘመነች ይህን አይተው እንዴት ያልፋሉ? ጋሼ ጌታሁን ያሳዩዋቸውን አስታውሰው ማስተካከያው ውስጥ ገቡ፣ «በራሱ ይስተካከል» የሚለውን አጠፉና ግድግዳው ላይ ካለው ካሌንደር እያዩ አንድ በአንድ ሞሉት። ኅዳር ሦስተኛ ወር ነው፤ ሦስት። ዓመቱ 2018። ሰዓቱ ዘጠኝ። ከዚያ ደጅ ወጥተው ያለማንም እርዳታ እንዳስተካከሉት ነገሩኝ። እኔም አጨበጨብኩላቸው።

የዚያን ዕለት ማታ ቪዲዮው እምቢ አለ። ከኔትወርክ ጋር መገናኘት አልተቻለም የሚል ጽሑፍ ብቻ። የዋይፋዩ ምልክት ግን ሙሉ ነው። ጠርተውኝ ሄጄ ሌላ አፕ ከፈትን፤ እሱም እንደዚያው። ግድግዳው በዚያ ምሽት ዝም አለ።

ይህን ሁሉ የኔትወርክ ጣጣ ብዬ ልተወው እችል ነበር። ነገር ግን ሌላ ጉዳይ መጣ። ጋሼ ጌታሁን በሕይወት ሳሉ ቴሌቪዥኑ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በራሱ እንዲበራ አድርገውት ነበር፤ ለማለዳ ጸሎት መቀስቀሻ ብለው። ከሞቱም በኋላ እንዲሁ ይበራ ነበር፤ ሁላችንም ለምደነዋል። መብራት ከመጣ በኋላ ባለው ንጋት አልበራም። በማግስቱም አልበራም። በምትኩ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ ሪሞቱን ማንም ሳይነካው ብድግ ብሎ በራ።

መጀመሪያ እትዬ ዘመነች ሲነግሩኝ ረስተው ያበሩት ነው ብዬ ነበር። በነጋታው አብሬያቸው ቁጭ አልኩ። ቤቱ ጭጭ ብሏል፣ መጋረጃው ተከፍቷል፣ የጎረቤት ዶሮዎች ይጭራሉ። የግድግዳው ሰዓት ስድስት ሲል ጥቁሩ መስታወት ቀስ ብሎ ነጣ። ጥጉ ላይ 6:00 ይላል። ከግድግዳው ሰዓት ጋር አንዲት ደቂቃ አይለያይም። እኔ መንፈስ ምናምን የሚባል ወሬ ሲነሳ የምናደድ ሰው ነኝ፤ የዚያን ቀን ግን ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። እትዬ ዘመነች እጃቸውን ዘርግተው «በኢየሱስ ስም» አሉ። ቴሌቪዥኑ ግን እንደበራ ቀረ።

ቆይተው «እሙ፣ ጌታሁን ሰዓቱን ቀይሮብኛል» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ምሳቸውን እኔ ቤት መብላት ጀመሩ። የሚያሳዝነኝ ፍርሃታቸው አልነበረም። ጋሼ ጌታሁንን ዳግመኛ የማያዩአቸው መስሏቸው ነበር፤ ቪዲዮው ከኢንተርኔት ላይ የተነሳ፣ ጋሼም ተቆጥተው የሄዱ።

በመጨረሻ 18 ማዞሪያ አካባቢ ዲሽና ቴሌቪዥን የሚሠራውን ጆሲን ጠራሁት። እሱም መጀመሪያ ዋይፋዩን ጠረጠረ፤ አጥፍቶ አበራው። የራሱን ስልክ ሲያገናኝ ግን ያለችግር ሠራ። ግራ ገብቶት ቴሌቪዥኑ ላይ ያለውን ብራውዘር ከፈተና የመጣውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተረጎመልን።

«ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል ነው የሚለው።»

እትዬ ዘመነች ከሶፋው ተነሱ። በዕድሜያቸው እንዲህ ተብለው አያውቁም። የግድግዳውን ሰዓት አሳዩት፣ የቴሌቪዥኑን አሳዩት፤ አንድ ናቸው። ጆሲ ግን ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ ዓመቱን ሲያይ ሳቁ መጣና አፉን በእጁ ያዘ። ቴሌቪዥኑ የሚያውቀው በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ነው። እሱ ዘንድ 2018 ማለት የእኛ 2010 ነው። ዘጠኝ ሰዓት ያሉትንም የጠዋት ዘጠኝ፣ ማለትም የእኛ ሦስት ሰዓት አድርጎ ይዞታል። በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለቀረ፣ በፈረንጅ 6:00 የሚለው ንጋቱ የሚመጣለት እኩለ ቀን ላይ ነው። ጋሼ ጌታሁን ባዘዙት ሰዓት ነበር የሚበራው፤ የተዛባው የቴሌቪዥኑ ንጋት ነው። ቪዲዮው የጠፋበትንም አስረዳን። ኢንተርኔት ላይ ያለ ድርጅት ሁሉ ሰርተፍኬት የሚባል እንደ መታወቂያ ያለ ነገር አለው፤ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለበት። ቴሌቪዥኑ ከመገናኘቱ በፊት ይህን ያያል። አሁን የሚያሳዩት መታወቂያ በቅርብ የወጣ ነው፤ እሱ ባለበት ዓመት ገና አልተሰጠም። ስለዚህ አላምንህም ብሎ በሩን ይዘጋል።

ጆሲ «በራሱ ይስተካከል» የሚለውን ሊነካ ሲል ግን እትዬ ዘመነች እጁን ያዙት።

«ልጄ፣ እዚህ በተጻፈው ዓመት ጌታሁን አለ?»

ጆሲ እኔን አየኝ። በጣቴ መቁጠር አላስፈለገኝም። «አሉ» አልኳቸው።

ስክሪኑን አተኩረው አዩት። ከበራው መስታወት ማዶ የሆነ ቤት ያለ ይመስል፣ ሰው ሊወጣ ይመስል። እኔም ሳላስበው አብሬያቸው አየሁ፤ አሁንም ሳስታውሰው ይቀፈኛል። ጆሲ በቀስታ፣ እንዲህ ከተተወ ቪዲዮው መቼም እንደማይከፈት ነገራቸው።

«ሪሞቱን ስጠኝ» አሉ።

ዓመቱን ራሳቸው ከፍ ማድረግ ጀመሩ። 2019። 2020። 2021። እያንዳንዱን ሲጫኑ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። 2023 ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ቀጣዩ ቁጥር ጋሼ ጌታሁን ያረፉባት የዚያች ጥር ዓመት መሆኑን ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ጆሲ ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔ አለቀስኩ፤ ለምን እዋሻለሁ። እሳቸው ግን ተጫኑት፤ ቀጥሎም አንድ ጊዜ። ከዚያ ሪሞቱን ለጆሲ መልሰው «የቀረውን አንተ ጨርሰው» አሉት። እሱም ሰዓቱን በራሱ እንዲስተካከል አደረገው። የንጋቱን ማብሪያ ላጥፋው ወይ ሲላቸው «ተወው፣ ይብራ» አሉት።

ቪዲዮው ተከፈተ። ጋሼ ጌታሁን ቆመው ዘመሩ፣ ጨረሱ፣ ዞር አሉ።

«ዘመኔ፣ ሰዓት አልፏል እንዴ?»

ከካሜራው ጀርባ ያለችው ሴት «ገና ነው» አለች። ሕዝቡ ሳቀ። ሶፋው ላይ ያሉት እትዬ ዘመነች ሳቁ እስኪያበቃ ጠበቁ።

«አልፏል፣ ጌታሁን» አሏቸው።