መቀመጥ ያቃተው ሞተር

አጎቴን ሰፈሩ ሁሉ «ጆሮ» ይለው ነበር። ስሙን ያወጡለት እንደሱው የውሃ ሞተር ጠጋኝ የሆኑ ጓደኞቹ ናቸው። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ደግሞ ከጆሮው ኋላ ባለው አጥንት ላይ ያስደግፍና ዓይኑን ይጨፍናል። «ኩሽኔታው ሊሄድ ነው» ካለ፣ ኩሽኔታው ይሄዳል።

ልጅ ሳለሁ አንድ ጊዜ የግፊት በርሜል በጣቱ መገጣጠሚያ ከታች ወደ ላይ እያንኳኳ አስደምጦኛል። ታች ድፍን፣ ላይ ክፍት ድምፅ ነበር። «እዚህ ድረስ ውሃ ነው፤ ከዚህ በላይ አየር» አለኝ። እኔ ልዩነቱን አልሰማሁትም፤ ግን ሰማሁ አልኩት። ፈገግ አለ። ውሸቴንም የሰማው ይመስለኛል።

እናቴ የምትኖርበትን ባለ አምስት ፎቅ ሕንጻ ውሃ ከተሠራ ጊዜ ጀምሮ የሚጠብቀው እሱ ነው። የሞተሩ ክፍል ከእናቴ መኝታ ቤት ግድግዳ ጀርባ ነው። እናቴ ታላቁ ናት፤ ስትቆጣው አሁንም «አንተ ልጅ» ትለዋለች፣ ፀጉሩ ጥጥ መስሎ እያለ።

ነገሩ የጀመረው አምስተኛ ፎቅ ያሉት ሴትዮ ውሃው ደከመብኝ ሲሉ ነው። አጎቴ መጥቶ ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋውን ፕሬዠር ስዊች ከፈተ። ሞተሩ ድሮ ግፊቱ አንድ ተኩል ባር ሲደርስ ይነሳና ሦስት ሲሞላ ያርፍ ነበር። እሱ መነሻውን ወደ ሁለት ከፍ አደረገው፤ ማረፊያውን እዚያው ተወው። ሴትዮዋ ለጥቂት ቀን አመሰገኑ።

ከዚያ ሞተሩ ዕረፍት አጣ። ሰው እጁን ሲታጠብ ታክ ብሎ ይነሳል፣ ታክ ብሎ ይጠፋል፣ ሳሙናው ሳይለቅ ደግሞ ይነሳል። የእናቴ ግድግዳ እንደ ሰዓት ታክ፣ ታክ፣ ታክ ይላል። ስትነግረው መጣ። በሩ ላይ ቆመ። ካቻቢቴውን እንኳ አላወጣም። እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፈነ።

«ምን አለው? ጸጥ ብሎ ነው የሚሠራው» አለ።

እኔና እናቴ ተያየን። ሞተሩ ያን ጊዜ ሦስቴ ተነስቶ ሦስቴ ጠፍቷል።

የነዋሪዎቹ ሊቀ መንበር ሁላችን «ሹፌሩ» የምንላቸው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና የጨረሱ፣ ጎማን በእግራቸው መትተው የሚያውቁ ሰው። አጎቴ ምንም የለውም ብሎ ሲሄድ እሳቸው የጎማ መለኪያቸውን ይዘው ወረዱ። ከሞተሩ ጎን በቆመው የግፊት በርሜል አናት ላይ እንደ ጎማ ያለ የአየር መንፊያ ቫልቭ አለ። ለኩት፤ ሁለት ተኩል አለ።

«አየሩ ሙሉ ነው» አሉን። «ሞተሩ ነው ያረጀው። እንዲህ ሲነሳ ሲወድቅ ተቃጥሎ ውሃ ከሚያሳጣን እሁድ ተሰብስበን አዲስ እናስገባ፤ ሌላ ባለሙያም ከነሞተሩ ይምጣ። ጆሮም ይረፍ፣ ደክሞታል።»

እናቴ ይህን ስትሰማ ቀኑን ሙሉ ምግብ አልበላችም። ወንድሟ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከሞተሮቹ ሌላ የሚነሳለት ነገር እንደሌለው ታውቃለች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አጎቴ ሻይ ሊጠጣ መጣ። የስብሰባውን ወሬ ሰምቷል፤ እኛም መስማቱን አውቀናል፤ ማንም አላነሳውም። ስኳሩን ሲያማስል ቆየና ወደ ሽንት ቤት ሄደ። ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ተነሳ።

«ምነው አንተ ልጅ፣ ወንበሩ ይቆረቁርሃል?» አለች እናቴ።

«ፊኛዬ ነው፣ እትዬ። ዕድሜ ነው። ጠብታ መያዝ አቃተው።»

«እንግዲያው ሞተርህ ያንተ መንትያ ነው! እሱም አንድ ደቂቃ መቀመጥ አቅቶት ሲነሳ ሲወድቅ ይውላል።»

እኔ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። የሻይ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ሲነሳ ሲወድቅ?»

«ምን እያልኩህ ሰነበትኩ?»

«አንቺ ይጮኻል ነበር ያልሽኝ። እኔ... የተለመደውን መስሎኝ...» ጎንበስ አለ። «አሁንም ይላል?»

ግድግዳው ታክ አለ። እናቴ ጣቷን አነሳች። ታክ አለ፤ ጣቷን አወረደች። ታክ፤ አነሳች። አጎቴ የእህቱን ጣት እንደ ሕፃን ልጅ ተከተለው። ከዚያ «አልሰማውም» አለ። «ከዓመት በፊት ጀምሮ ነው።»

እናቴ «አውቃለሁ» አለች። ጣቷን ግን አላወረደችም።

አጎቴ ግን ቶሎ ተነሳ። «ፊኛው ነው!» አለ። «በርሜሉ ውስጥ ፊኛ አለ፤ በአንድ ወገን ውሃ፣ በሌላው አየር። አየሩ ነው እንደ ምንጭ ሽቦ ተጨምቆ ውሃውን የሚገፋው። አየሩ ከሸሸ በርሜሉ የሚያጠራቅመው አይኖረውም፤ ሞተሩ ለእያንዳንዷ ብርጭቆ ይነሳል። እኔ ደግሞ መነሻውን ወደ ማረፊያው አስጠግቼ አባባስኩት።»

«ሹፌሩ ግን አየሩ ሙሉ ነው ብለዋል፤ ለክተዋል» አልኩ።

«ውሃውን ሳያፈስሱ?»

«አዎ።»

«በጎማ ውስጥ ውሃ የለማ፣ የእኔ ጌታ! ውሃው ሲጫነው አየሩ የሚናገረው የውሃውን ቁጥር ነው።»

ሹፌሩ የጎማ ዕቃቸውን ይዘው እንዲወርዱ ጠራኋቸው። አጎቴ መብራቱን አጠፋ፤ ወደ ሕንጻው የሚወስደውን ቧንቧ ዘጋ፤ የበርሜሉን ማፍሰሻ ከፍቶ የግፊት መርፌው ዜሮ እስኪነካ ጠበቀ። ማፍሰሻውን ክፍት እንደተወ «አሁን ይለኩ» አላቸው።

ሹፌሩ ለኩ። መለኪያውን አራግፈው ደግመው ለኩ።

«ግማሽ እንኳ አይሞላም!» አሉ።

አጎቴ የቫልቩን እምብርት በጣቱ ጫን አደረገው። የወጣው አየር ብቻ ነው። «ውሃ ቢወጣ ኖሮ ፊኛው ተቀዷል ማለት ነበር። ተመስገን።» የሳሙና አረፋ ቀባው፤ አረፋው ቀስ ብሎ እንደ ዓይን ተነፋ።

«ቫልቩ ነው የሚያሾልከው» አሉ ሹፌሩ፣ ከሁላችን ቀድመው። ከኪሳቸው የመኪና ጎማ ቫልቭ አውጥተው ራሳቸው ቀየሩት፤ በጎማ ፓምፓቸውም እሳቸው ነፉ። አጎቴ «አንድ ነጥብ ሦስት ላይ ይብቃዎ፤ ከመነሻው ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት» አለና ማፍሰሻውን ዘጋ። የስዊቹንም መነሻ ወደ ጥንቱ አንድ ተኩል መለሰው። መብራቱን አበራ። ሞተሩ ረጅም ጊዜ ሠርቶ ሦስት ላይ አረፈ። ያኔ ወደ ሕንጻው የሚሄደውን ከፈተ።

እናቴ በኩሽናዋ ባልዲ ደቀነች። ባልዲው ሞላ፤ ግድግዳው ዝም አለ። ሁለተኛውን ስታጋምስ ሞተሩ ተነሳና ቀጥ ብሎ ሠራ።

«የአምስተኛ ፎቋ ሴትዮስ?» አሉ ሹፌሩ።

«የሻወራቸው ወንፊት በኖራ ተደፍኖ ይሆናል። ያን ጊዜ ወጥቼ ማየት ነበረብኝ። መውጣት ግን ፈራሁ፤ እሳቸው ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት።»

ሹፌሩ አልገባቸውም። አጎቴ ወደ እኔ አየና ወደ እሳቸው ዞረ።

«ጆሮዬ ሄዷል፣ ወንድሜ። ነገ ስብሰባው ላይ ሌላ ሰው ከመረጣችሁ አልቀየምም። ግን ሞተሩን አትጣሉት፤ ጤነኛ ነው።»

ሹፌሩ መለኪያቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «እኔም ዓይኔ ነው መንጃ ፈቃዴን ያስጣለኝ» አሉ ጮክ ብለው፣ እንዲሰማ። «ለማንም አልነገርኩም። ጡረታ ወጣሁ ነው ያልኩት።» መለኪያውን አጎቴ መዳፍ ላይ አስቀመጡት። «ቁጥሩን አንተ አንብብ። የሚጮኸውን እህትህ ትነግርሃለች።»

«እኔ ደሞዝ ከሌለው አልሰማም!» አለች እናቴ ከኩሽና።

አጎቴ ያ አልደረሰውም። መዳፉን በርሜሉ ሆድ ላይ አሳርፎ፣ ዓይኑን ሳይጨፍን፣ መርፌው ቀስ እያለ ሲወጣ ያይ ነበር።