አንድ አስተማሪና አርባ ተማሪዎች

ተማሪዎቿ በስሟ አይጠሯትም፤ «ነጠላ ሰረዝ» ነው የሚሏት። ቀጭን፣ ከወገቧ ጎንበስ ያለች ሴት ናት። ደግሞ መንገድ ላይ የተሳሳተ ማስታወቂያ ካየች ቆም ብላ ሳታርም አታልፍም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እንግሊዝኛ አስተምራለች። ስትቆጣ አያድርስ ነው፤ ሆዷ ግን ቅቤ ነው፣ ጉድ ያደረጋትም እሱ ነው።

የሟች እህቷን ልጅ ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት። ልጅቷም «እማ» ነው የምትላት። ዘንድሮ ለመልቀቂያ ፈተና ለሁለተኛ ጊዜ ተቀመጠች፤ ሦስተኛ ዕድል የለም። በዚያው ዓመት ነጠላ ሰረዝ መልሱን ከሚገመግሙት መምህራን አንዷ ሆና ተመረጠች። ቅጹ «የሚፈተን የቤተሰብ አባል አለዎት?» ይላል። «የለኝም» ብላ ፈረመች። አልወለድኳትም ብላ ነው እንግዲህ! ሰው ራሱን ሲያታልል እንዲህ ነው፣ ምን ይደረግ።

ልጅቷ ከፈተና ስትመለስ ሁለቱ አንድ በአንድ እያስታወሱ ያገኘችውን ነጥብ ቆጠሩ። ከመቶ አርባ ዘጠኝ። ማለፊያው ሃምሳ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ሳይቆጠር ቀርቷል።

«ሠላሳ ሰባተኛዋስ?» አለች ልጅቷ። «ክፍሉ ውስጥ አንድ አስተማሪና አርባ ተማሪዎች አሉ የምትለዋ። ‹ዜር› ከሚለው ቀጥሎ ባዶ ቦታ አለ። እኔ ‹ኢዝ› አልኩ። አጠገቡ ያለውን ስም እዪ ብለሽኝ የለ?»

ነጠላ ሰረዝ ክው አለች። እውነትም ብላታለች።

በማግስቱ መገምገሚያው ክፍል ገባች። መስኮቶቹ በወረቀት ተሸፍነዋል፤ ስልክ በሩ ላይ ይሰበሰባል። የመልሱ ዝርዝር ሠላሳ ሰባት ላይ «አር» ይላል። ሌሎቹ ገጹን ገልጠው ሊያልፉ ሲሉ ተነሳች።

«ቆይ! ይሄ ጥያቄ ሁለት መልስ ነው ያለው» አለች። «እኛ ሰዉን ቆጥረን ጨርሰን ነው ‹አሉ› የምንለው፤ ግሳችን መጨረሻ ነው። እንግሊዝኛው ግሱን ያስቀድማል። ተናጋሪው ገና አንዱን አስተማሪ ነው ያየው፤ አንድ ስላየ ‹ኢዝ› ይላል። አስተማሪውንና ተማሪዎቹን ደምሮ ‹አር› ማለት ትክክል ነው፣ ለመደበኛ ጽሑፍ የሚመረጠውም እሱ ነው። ግን ‹ኢዝ›ን የሚቀበሉ መጻሕፍት ሞልተዋል፣ ጠንቃቃ ጸሐፊዎችም ይጽፉታል። ሁለቱንም ምርጫ ውስጥ ከቶ አንዱን መቅጣት ግፍ ነው!»

የገምጋሚዎቹ ሰብሳቢ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው፤ ስለዚህም ሁሉም ይፈራዋል። እስክሪብቶውን አስቀመጠና፣ «አርባዎቹን ተማሪዎች አስቀድመን ጽፈን ቢሆን ኖሮስ?» አላት።

«ያኔማ ‹አር› ብቻ ነው። ማን ይከራከራል?»

ሰብሳቢው የመልሱን ዝርዝር አገላብጦ አየና፣ «ልክ ነዎት፣ እትዬ። ሁለቱም ይያዝ» አለ።

እፎይ አለች። ሃምሳ! ልቧ ውስጥ እልል ብላ ሳትጨርስ ሰብሳቢው በዚያው ለስላሳ ድምፅ ቀጠለ።

«አንድ ነገር ብቻ። ዘንድሮ የገባ ደንብ ነው፤ መልስ ያስቀየረ ገምጋሚ ስልክ ቁጥሩ ከተፈታኞች አሳዳጊዎች ስልክ ጋር ይመሳከራል። ለወጉ ነው፣ ቅር እንዳይልዎት።»

የልጅቷ መመዝገቢያ ቅጽ ላይ የአሳዳጊ ስልክ የሞላችው እሷው ነች፣ በገዛ እጇ። የመረጃ ክፍል ሠራተኛዋ ጣቶቿን የኮምፒዩተሩ ቁልፎች ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። እኔ ብሆን የማንንም ቁጥር ጠርቼ እገላገል ነበር። እሷ ግን አንዴ ዋሽታ ጨርሳለች፤ ሁለተኛው ከጉሮሮዋ አልወጣ አለ። ቁጥሯን አንድ በአንድ ጠራች።

ኮምፒዩተሩ ላይ አንዲት መስመር ብቅ አለች። ሠራተኛዋ ቀና ብላ አላየቻትም።

«ማናት?» አለ ሰብሳቢው።

«ልጄ ናት» አለች ነጠላ ሰረዝ።

ሰብሳቢው «ያሳዝናል» አለና ውሳኔውን ጽፎ ማኅተም አስመታ። «ኢዝ» ያሉ ተፈታኞች ሁሉ ነጥቡ ተያዘላቸው። የአንዲቷ ፈተና ግን ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ። ነጠላ ሰረዝም ዕቃዋን ይዛ እንድትወጣ ተነገራት።

ቤት ስትደርስ ልጅቷ በሩ ላይ ጠበቀቻት።

«እማ፣ ሠላሳ ሰባተኛዋ ምን ሆነች? ‹ኢዝ› ተያዘ?»

«ተያዘ» አለቻት።

ልጅቷ ጮኸች፣ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፣ «አለፍኩ! አለፍኩ!» እያለች እየዘለለች አቀፈቻት። ነጠላ ሰረዝ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ቆማ፣ የቀረውን ከየት እንደምትጀምረው ጠፋት።