ውሃ የማይቋጥር ስጎ

የጫማ ፋብሪካው የሠራተኞች ክበብ ውስጥ ዋናውን ወጥ ቤት «ሼፍ» የማይለው ሰው የለም። ስሙን ያወጣው ራሱ ነው። ነጭ ቆቡን ደፍቶ በሩ ላይ ሲቆም ማን አህሎት! እኔ ምግቡን የማድል ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ጭልፋ ይዤ ከጎኑ ስቆም የሠራው ስጎ ስፍር ቁጥር የለውም፣ ሁሉም ግን ከጣሳ ነው። የቲማቲም ድልህ ይከፍታል፣ ውሃ በጆግ ይከልስበታል፣ ያፈላል፣ አለቀ። ለመቶ ሃያ ሰው ማካሮኒ ይበቃል።

አንድ ሰኞ ድልሁ ከገበያ ጠፋና በምትኩ ቲማቲም በሳጥን በሳጥን መጣ። ሼፍ እጁ እንደለመደው ከታትፎ ጥልቁ ድስት ውስጥ ከተተው፣ ሁለት ጆግ ውሃ ደፋበት፣ ክዳኑን ገጠመ። ሳድለው ማካሮኒው ሳህን ላይ ይዋኛል። ቆዳ ቆራጩ ቀመሰና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ «እህቴ፣ ይሄ ምሳ ነው ወይስ ሎሚ?» አለኝ። ማክሰኞ ኮምጣጣነቱን ለማጥፋት ስኳር በጭልፋ ጨመረበት፤ ማርማላታ ሆነ። ረቡዕ እንዲወፍርለት ዱቄት በተነበት፤ ማስቲሽ ሆነ። ማስቲሽ ነው ያሉት ደግሞ ሶል ለጣፊዎቹ ናቸው፣ እነሱ አይሳሳቱም።

ሐሙስ ሥራ አስኪያጁ መጡ። ድምፃቸውን እንኳን ከፍ አላደረጉም።

«ቅዳሜ እኔም እዚሁ እበላለሁ። እንዲህ ከሆነ ክበቡን ዘግተን ምሳ ከውጭ እናስመጣለን።»

እንግዲህ ሼፍ፣ እኔና ሁለቱ ዕቃ አጣቢዎች ደጅ ወጣን ማለት ነው። እሳቸው ሲሄዱ ሼፍ «ጥፋቱ የቲማቲሙ ነው» አይል መሰላችሁ! ደሜ ፈላ።

«ቲማቲሙ ምን በደለህ? ባለቤትህ ስትሠራ አይተህ አታውቅም?»

ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቤታችን ጎን ለጎን ስለሆነ አውቃታለሁ።

አርብ ከሥራ እንደገባ የሆነውን የነገረችኝ እሷው ናት። ማዕድ ቤቱ በር ላይ ተገትሮ ሲያያት «ምን ፈልገህ ነው?» አለችው። ጉሮሮውን ጠራርጎ «ቲማቲም ላይ ውሃ ትጨምሪያለሽ?» አላት።

«አንተ ሰውዬ! ቲማቲም ራሱ ውሃ አይደል እንዴ?»

ከሳቋ ስትመለስ አጠገቧ አቆመችው። በደንብ የቀላውንና ለስለስ ያለውን መረጠች፤ ትከሻው አረንጓዴ የሆነውን «ይሄ ነው የሚኮመጥጥህ» ብላ እንዲበስል መስኮት ላይ አስቀመጠችው። የፈላ ውሃ ውስጥ ለአፍታ ነክራ ላጠችው፣ ለሁለት ከፍላ ፍሬውንና ፈሳሹን ጨምቃ አወጣችው። ሽንኩርቱን በዘይት ቀስ ብላ አለሰለሰች፣ ነጭ ሽንኩርት አስከተለች፣ ከዚያ ቲማቲሙና ጨው። ክዳን የለም። ማንኪያው የድስቱን ታች ሲጠርገው የሄደበት መንገድ ቶሎ ካልተደፈነና ዘይቱ ዳር ዳሩን ከወጣ ደርሷል። «ስኳር የምታስበው ያን ጊዜ ነው፣ ቀምሰህ፣ ያውም ቁንጥር» አለችው።

ቅዳሜ ጠዋት እያንዳንዷን ነገር እንዳየው አደረገ። ሁላችንም ስንልጥና ስንጨምቅ ጣታችን ተጨማደደ። አምስት ሰዓት ሆነ፣ ስጎው ግን ገና ሾርባ ነው። ላቡ ከቆቡ ሥር ይወርዳል። እጁን ወደ ዱቄቱ ጆንያ ሲሰድ አየሁት።

«ዱቄቱን ብትነካ እኔና አንተ እንጣላለን!» አልኩና ለባለቤቱ ደወልኩላት።

«በምን ጣደው?» አለች።

«በትልቁ ድስት።»

«ውይ! ያ እኮ ጉድጓድ ነው፣ እንፋሎቱ በየት ይውጣ? ሰፋፊ መጥበሻ ላይ ከፋፍሉት፣ ስስ አድርጉት።»

አራት መጥበሻ ላይ ገለበጥነው። ወዲያው ይንተከተክ ጀመር፤ እኛም እንዳያርብን ማማሰል ነው። ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ማንኪያው መንገድ አወጣ፣ ዘይቱ ዳር ላይ ቀላ። ሼፍ ቀመሰ። ቁንጥር ስኳር ጨመረና ደግሞ ቀመሰ። ከዚያ እኔን አየኝና «አድዪ» አለኝ።

ሥራ አስኪያጁ ሳህናቸውን ሲያጋድሉ ጠብታ ውሃ አልወጣም። በልተው ጨረሱና ከወንበራቸው ሳይነሱ «ሼፍ፣ ይሄን ሙያ የት ደብቀኸው ነው?» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። የሱን አፍ ስለማውቅ ጉራውን ልሰማ ተዘጋጅቼ ነበር።

ቆቡን አወለቀ። «የኔ አይደለም። ባለቤቴ ናት ያሳየችኝ። ከሷ እጅ የሚበልጥ እጅ አላውቅም» አለ። ፊቱ ደም መስሏል።

ክበቡ አልተዘጋም። ማታ ወደ ቤት ስገባ ባለቤቱ በራፌ ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። የልብስ መለኪያው ሜትር ገና አንገቷ ላይ ነው። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል።

«ለኔ አንድ ቀን እንኳ 'ጣፍጦልሻል' ብሎ አያውቅም» አለችኝ። «አሥራ ስምንት ዓመት አበላሁት። እውነት በሰው ሁሉ ፊት እንደዚያ አለ?»

«እውነት ነው» አልኳት።

«እስኪ ቃል በቃል ድገሚልኝ።»

ደገምኩላት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች።