ከሙሽሮቹ ፎቶ ሥር

ባለፈው ወር የአባቴን የእንጨት ሣጥን ሳገላብጥ ያ የሠርግ አልበም ወጣ። የጥቁር ገጾቹ ጠርዝ ተበልቷል፤ በፎቶዎቹ መሃል የሚገባው ስስ ወረቀትም ቢጫ ሆኗል። ከየፎቶው ሥር በነጭ ቀለም የተጻፈው ግን ዛሬም ቁልጭ ብሎ ይነበባል። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ አይደለም። በአሥራ ሁለት ዓመቴ እንቅልፍ ያሳጣኝ ይኸው ነገር ነበር።

አባቴ ጎንደር ፒያሳ ላይ ፎቶ ቤት ነበረው። ሙያውን የለመደው ጣሊያን አገራችን በነበረበት ጊዜ ከቀጠረው ጣሊያናዊ ፎቶ አንሺ ነው፤ ሰውየው ሲሄድ ባለ ሦስት እግሩን የፎቶ ማኪና ተወለት። ቤታችን ሁልጊዜ ሆምጣጤ ሆምጣጤ ይሸት ነበር፤ ፎቶ የሚታጠብበት መድኃኒት ሽታ ነው። ሠርግ የሚበዛው በጥር ስለሆነ አባቴ በታኅሣሥ ቀድሞ ካነሳቸው ሠርጎች አንዱን መርጦ አልበም ያሰናዳል። ልጃቸውን የሚድሩ ሰዎች መጥተው እያገላበጡ ሥራውን የሚያዩት በእሱ ነው። ችግሩ፣ እነሱ አልበሙን ይዘው ሲቀመጡ እሱ ጨለማ ክፍል ውስጥ ነው፤ የሚያስረዳቸው ሰው የለም። ስለዚህ በዚያ ዓመት ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር አንድ አንድ መስመር እንዲጻፍ ፈለገ።

ሕጉ ጥብቅ ነበር። መስመሩ ከፎቶው ስፋት አይለፍ፤ በአንድ ትንፋሽ ይነበብ። «ቆንጆ» የሚባል ቃል ክልክል ነው፤ ቆንጆ ከሆነች ሰው ራሱ ያያታል። ዓይን ያየውን አትድገሙ፣ ፎቶው ሊያሳይ ያልቻለውን ንገሩ ይለን ነበር፤ ቀለሙን፣ ድምፁን፣ ከዚያ በፊትና በኋላ የሆነውን። ገጾቹ ደግሞ እንደ አንድ ቀን ይሂዱ፤ ጠዋት በእናት ቤት ተጀምረው በአማት ቤት ያብቁ። እኔ በትምህርት ቤት በእጅ ጽሑፌ የተመሰገንኩ ነበርኩና ሥራው ለእኔ ተሰጠ። የመጀመሪያዋ መስመሬ «ቆንጆዋ ሙሽራ ከሚዜዎቿ ጋር ቆማ» የምትል ነበረች። አባቴ ሳቀ። የሳቀው በፍቅር ነበር፤ እኔ ግን ጆሮዬ ጋለ።

የሺ ያን ጊዜ ከኋላችን ተቀምጣ የፎቶ ማዕዘን መያዣዎችን ትለይ ነበር። የአባቴ እህት ልጅ ናት፤ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች። አባቷ በሞተ በዓመቱ ትምህርት እንድትማር ከአምባ ጊዮርጊስ እኛ ዘንድ መጣች። በዚያ ሠርግ ከእኔ ጋር የአባቴን ዕቃ ይዛ ውላለች። ሙሽራዋን እናቷ ካባ ስታለብሳት የሚያሳየውን ፎቶ ቀና ብላ አየችና ቀስ ብላ፦ «ካባው ቀይ ነው፤ የእናቷ እጅ ቀዝቅዟል» አለች።

አባቴ ሥራውን አቁሞ ዞረ። «ምነው እስከዛሬ ዝም አልሽ?» አላት።

ከዚያ በኋላ ቃሉ የእሷ፣ እጁ የእኔ ሆነ። እሷ በብጣሽ ወረቀት ትጽፋለች፤ እኔ የነጭ ቀለሙን ጠርሙስ ወዝውዤ፣ በእርሳስ ስስ መስመር አስምሬ፣ በብዕር እገለብጣለሁ። ነጩ ቀለም ጥቁር ወረቀት ላይ አንዴ ካረፈ አይጠፋም። በምላጭ ቢፋቅ ወረቀቱ ግራጫ ጠባሳ ያወጣል፤ ስለዚህ እያንዳንዷን ፊደል ትንፋሼን ይዤ ነበር የምጽፋት። ከሚዜዎቹ ሥር «ሦስቱ ሚዜዎች። የሳቁት ፎቶው ካለቀ በኋላ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ከአባትየው ሥር «ሲመርቅ። የመጨረሻውን ቃል ማንም አልሰማውም» የሚል ገባ። ሙሽራዋ በበቅሎ ስትሄድ «በቅሎዋ መንገዱን ታውቃለች፤ ሙሽራዋ ገና ናት» ተባለ። በገዛ እጄ የእሷን ቃል የማሳምረው እኔ ነበርኩ።

ቀናሁ፣ ሌላ ስም የለውም። አባቴ አዲስ ፎቶ ከመድኃኒቱ ሲያወጣ «የሺ፣ እስቲ ነይ እዪልኝ» ማለት ጀመረ። ድሮ «ነይ» የሚለው እኔን ልጁን ነበር። ማታ ገበታ ላይ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእሷ ሲሰጥ ወጡ መረረኝ። አባት የሌላት ልጅ መሆኗን አልረሳሁም፤ ግን የእኔን አባት ትውሰድ ያላት ማን ነው እል ነበር በሆዴ።

የመጨረሻው ፎቶ ሙሽራዋ አማቷ ቤት የገባችበት ነው። በእኛ አገር ሙሽራ ስትገባ አማት አዲስ ስም ታወጣላታለች። ከዚያ ወዲያ በባሏ ቤት በድሮ ስሟ አትጠራም፤ የጠራት ሰው ገና የእኛ አልሆነችም እንዳለ ይቆጠራል። የአልበማችን ሙሽራ ዘነቡ ነበረች፤ አማቷ እሜቴ ድንቅነሽ ዓለምፀሐይ አሏት። የሺ በብጣሿ ላይ «አማቷ ስም ሲያወጡላት። አቤት ያለችው በመጀመሪያው ጥሪ ነው» ብላ ሰጠችኝ። እኔ ደግሞ ብዕሬን ነክሬ «ዘነቡ በአማቷ ቤት» ብዬ ጻፍኩ። ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር። ቢጠየቅ የምትጠየቀው የቃሉ ባለቤት ናት። ቀለሙ እንደደረቀ ስሱን ወረቀት አልብሼ አልበሙን ዘጋሁት።

በማግስቱ እሜቴ ድንቅነሽ መጡ። እሳቸው ካልፈቀዱ አባቴ የምራታቸውን ፎቶ ለሰው ማሳየት አይችልም፤ የጥር ሥራው በሙሉ በዚያ አልበም ላይ ነበር። ሴትዮዋ ፊደል ስላልቆጠሩ አባቴ የሺን አንብቢላቸው አላት። እኔ በሩ ሥር ቆሜ ነበር። የሺ ገጽ በገጽ አነበበች። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ከዚያ ዓይኗን ወደ ገጹ መልሳ፣ ድምፅዋ ሳይዛነፍ፣ ያልተጻፈውን አነበበች። «አማቷ ስም ሲያወጡላት። አቤት ያለችው በመጀመሪያው ጥሪ ነው።»

እሜቴ ድንቅነሽ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «እውነትሽን ነው ልጄ፣ በመጀመሪያው ነው። ሸጋ አድርገሽ ተናገርሽ። ያሻው ሰው ይየው» ብለው መርቀውን ሄዱ።

አባቴ ግን ከኋላዋ ቆሞ አይቶ ነበር። አልበሙን ከፍቶ «ይህን ማነው ያለው?» አለ።

«እኔ ነኝ አያ» አለች የሺ። «ስህተቴ የታየኝ አሁን ነው።»

እኔ እዚያው ነበርኩ። አፌን መክፈት እችል ነበር፤ አልከፈትኩም። አባቴ አልጮኸባትም። «በሰው ስም አይቀለድም። ሴትዮዋ ማንበብ ቢችሉ ምን ልመልስላቸው ነበር?» አላትና ምላጩን ለእኔ ሰጠኝ። ፍቄ የእሷን መስመር ጻፍኩበት። ከዚያ ቀን ወዲያ የሺን ነይ እዪልኝ ብሎ አልጠራትም። ለፋሲካ አገሯ ገባች፤ አልተመለሰችም፤ እዚያው ዳሯት። የሚቀጥሉትን ዓመታት አልበሞች መስመር እኔ ጻፍኩ። አባቴ እያነበበ «ደህና ነው» ይለኝ ነበር።

በለቅሶም በሠርግም ተገናኝተናል፤ ስለ አልበሙ አንድም ቀን አንስተን አናውቅም። ሁለት ዓመት ሆናት ካረፈች። ዛሬ የልጅ ልጆቼ በአንድ ሠርግ ሺህ ፎቶ በስልክ ያነሳሉ፤ ሥሩ አንድ ቃል የለም፤ በሳምንቱ የትኛው የማን እንደሆነ ይጠፋቸዋል። እኔ ከአልበሙ አንድም ፊት አልጠፋኝም፤ ግራጫው ጠባሳም አልጠፋኝም።

ባለፈው ወር ግን አይቼው የማላውቀው ነገር አገኘሁ። የአልበሙ የኋላ ልባስ ተልጦ ነበርና ከሥሩ ጥቁር ካርቶን ላይ የተለጠፈ ትንሽ ፎቶ ወደቀ። የሺና እኔ ነን፤ እሷ በመጣች ሳምንት አባቴ ያነሳን፣ አንድ ዓይነት ቀሚስ ለብሰን። ከሥሩ በነጭ ቀለም አንድ መስመር ተጽፏል። የእኔ እጅ አይደለም፤ ፊደሎቹ ዘመም ዘመም ያሉ የየሺ ናቸው። እንዲህ ይላል፦

«በስተቀኝ ያለችውን የሚያነሳት አባቷ ነው።»

ሕጉን ጠብቃለች፤ ፎቶው ሊያሳይ ያልቻለውን ነው የጻፈችው። በስተቀኝ ያለሁት እኔ ነኝ።