ሃያ ዘጠኝ ቃል

መቱ ከተማ በማስተምርበት የዩኒቨርሲቲ ግቢ ተማሪዎቼ ያወጡልኝ ስም «መቀስ» ነበር። የማልሰማ መስሏቸው በሹክሹክታ ይጠሩኝ ነበር፤ እኔ ግን እየሰማሁ ደስ ይለኝ ነበር። የማስተምረው የጤና ምርምር ቢሆንም የምታወቀው አብስትራክት በመቁረጥ ነው። አብስትራክት ከጥናቱ ፊት የምትቀመጥ አንዲት አንቀጽ ናት። ምን እንደጠየቅን፣ እንዴት እንዳጠናን፣ ምን እንዳገኘንና ከዚያ ተነስተን ምን እንደምንል በተወሰነ ቃል ትናገራለች። ሁለት መቶ ሃምሳ ከተባለ ሁለት መቶ ሃምሳ ነው። አንድ ቃል ቢበልጥ የመላኪያው ገጽ በቀይ ጽፎ አልቀበልም ይላል፤ እንደ ቢሮ ሰው በልመና አይመለስም።

ሲስተር ወደ እኔ የመጡት ይህንኑ ስሜን ሰምተው ነው። በዳሪሙ ወረዳ በኩል፣ መኪና እምብዛም በማይደርስበት ቦታ ጤና ጣቢያ ውስጥ አዋላጅ ነበሩ፤ ፀጉራቸው እዚያው ነው የሸበተው። በጤና ጣቢያው ግቢ የእናቶች ማቆያ የሚባል ቤት አለ። መውለጃዋ የተቃረበ ሴት ምጥ ሳይጀምራት መጥታ የምትቆይበት ነው። ሲስተር ለዓመታት በመዝገብ ሲጽፉ ኖረዋል፦ ማን መጣች፣ ከየት፣ ስንት ሰዓት በእግር፣ ማቆያ ቆየች ወይስ ምጥ ከያዛት በኋላ ደረሰች፣ እሷና ልጇ እንዴት ሆኑ።

የሚፈልጉትን የነገሩኝ በመጀመሪያው ቀን ነው። ከጤና ጣቢያው ወዲያ ወንዝ አለ፤ ከወንዙ ማዶ ቀበሌዎች አሉ። ድልድይ የለም፤ ሰው የሚሻገረው በወደቀ ግንድ ላይ ነው። ዝናቡ ሲበረታ ግንዱም ይሄዳል።

«ማዶ ሌላ ማቆያ ይሠራልኝ፤ ሁለት ክፍልና አንዲት አዋላጅ። ሌላ ምንም አልፈልግም» አሉ። «በአፌ ስናገር የሚሰማኝ አጣሁ። በወረቀት ከሆነ ይሰማሉ አሉኝ።»

አብረን አጠናን። መዝገቡን ቅዳሜ ቅዳሜ በፌስታል ጠቅልለው ያመጡልኝ ነበር። ማቆያ የቆዩትን ከቤታቸው በቀጥታ ከመጡት ጋር አነጻጸርን፤ የቆዩት ይበልጥ በደህና ወልደዋል። ዕድሜን፣ ስንተኛ እርግዝና እንደሆነና የመንገዱን ርዝመት ከግምት አስገብተን ስናሰላውም ልዩነቱ ጸና። ደስ ያለው እኔን ነበር። ሲስተር ግን «ይሄንንማ እኔም አውቀዋለሁ» አሉ።

ዓመታዊ የጤና ጉባኤ አብስትራክት ላኩ የሚል ጥሪ አወጣ። ጉባኤው የሚያሳትመው መጽሔት በየወረዳው የጤና ኃላፊዎች ጠረጴዛ ላይ እንደሚደርስ አውቅ ነበር። በመዝጊያው ቀን ግቢያችን መብራት ጠፋ። ሲስተር ሌሊት ተነስተው በእግርም በመኪናም መጥተው ስለነበር፣ ወደ ጎሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ጄኔሬተር ያለው ኮምፒውተር ቤት ገባን። ረፋድ ላይ ነበር፤ ጥሪው የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። እኔ አሳምሬ የጻፍኩት አብስትራክት አራት መቶ አሥራ ሁለት ቃል ወጣ።

ሲስተር ዓይናቸውን አፍጥጠው፣ «ግማሹን ልትጥይው ነው?» አሉ።

«ይመልከቱ ብቻ» አልኩ። ያኔ የነበረኝን ጉራ ሳስታውስ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ለሲስተር እየተረጎምኩ ቆረጥኩ። መጀመሪያ የሄደው ጌጡ ነው። «ይህ ጥናት የተካሄደው እንዲህ ያለውን ነገር ለመመርመር በማሰብ ነው» የሚለው «መረመርን» ሆነ። የወረዳው ከፍታና የአየር ጠባይ ወጣ። ከዚያ መጨረሻ ላይ ያለው ልመና። በሀገራችን አብስትራክት «የሚመለከታቸው ባለድርሻ አካላት ተቀናጅተው ሊሠሩ ይገባል» ሳይል አያርፍም። እነዚህን አካላት ያያቸው ሰው ባላውቅም ብዙ ቃል ይበላሉ። ሲወጡ ሲስተር ሳቁ፤ በዚያ ቀን የሳቁት ያኔ ብቻ ነው።

ዘዴው እንዳይነካ ተጠነቀቅሁ፤ የት፣ በምን መዝገብ፣ እነማንን ከእነማን፣ በምን ስሌት። ከውጤቶቹ ዋናውን ብቻ ከነቁጥሩና ከጎኑ ከሚቆሙት ዝቅተኛና ከፍተኛ ግምት ጋር አስቀረሁ፤ ሌሎቹ ወደ ሙሉው ጽሑፍ ሄዱ። በመጨረሻም ወደ ኪስ አውላቂነት ወረድኩ። ቆጣሪው ክፍት ቦታ ባየ ቁጥር አዲስ ቃል ብሎ ስለሚቆጥር የመቶኛ ምልክቱን ከቁጥሩ ጋር አጣበቅሁ። ሁለት መቶ ሰማንያ አንድ።

ሠላሳ አንድ ቃል ቀረ። ከዚህ በኋላ የሚነካው ሁሉ ሥጋ ነበር።

በመጀመሪያው መስመር የእናቶች ሞት በታዳጊ አገሮች ትልቅ ፈተና መሆኑን የሚናገር ዓረፍተ ነገር አለ። ይህንን የማያውቅ የጤና ሰው የለም። ሆኖም ሁሉም አብስትራክት እንዲህ ነው የሚጀምረው፤ ካለሱ የተላከ ጽሑፍ ራቁቱን የወጣ ይመስለን ነበር። ደግሞም አሳምሬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ርዝመቱ ልክ ሠላሳ አንድ ቃል ነበር።

ከውጤቱ ሥር ደግሞ ሲስተር ይግባልኝ ያሉት ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «በዝናቡ ወራት ከወንዙ ማዶ የመጣች አንዲትም እናት በመዝገቡ የለችም፤ ስለዚህ ይህ ውጤት ስለ እነሱ አይናገርም።» በእንግሊዝኛው ሃያ ዘጠኝ ቃል ነው።

«ሲስተር፣ ይሄ የጥናቱ ውስንነት ነው» አልኩ። «ውስንነት በሙሉው ጽሑፍ ውስጥ ይጻፋል እንጂ አብስትራክት ላይ ቦታ አይበላም።»

«እኔ የመጣሁት ለነሱ ነው እኮ፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ። መጀመሪያ ያለው ማቆያ እንደሚጠቅም እናሳምናቸው። ከጠቀመ ማዶም ይሠራ ማለታቸው አይቀርም።»

በእውነት አምኜበት ነበር። ማታለል ቢሆን ይሻል ነበር፤ አታላይ ቢያንስ ምን እንዳደረገ ያውቃል።

ሲስተር ጭናቸው ላይ ያለውን መዝገብ በፌስታሉ መልሰው ጠቀለሉ። ውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ይንጫጫል። «ማል ጎና» አሉ በኦሮምኛ፤ ምን እናደርጋለን ማለታቸው ነው። «አንቺ ታውቂያለሽ።»

ቆረጥኩት፤ ገና የሚቆረጥ ሁለት ቃል ተረፈ። ድምዳሜው «ማቆያው ወደ ጤና ጣቢያው የመጡትን የወረዳውን እናቶች ጠብቋል» ይል ነበር። በእንግሊዝኛው ወደ ጤና ጣቢያው መምጣታቸውን የሚናገረው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ እነሱን አወጣኋቸው። «የወረዳውን እናቶች» ብቻ ቀረ። ሁለት መቶ ሃምሳ። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ ድምዳሜያችሁ ከዘዴያችሁ አይስፋ እያልኩ የምጮህ ሰው ነኝ። ያን ቀን ዘዴውም ነበረ፣ ውጤቱም ነበረ፣ ድምዳሜውም ነበረ፤ ምንም የጎደለ አልመሰለኝም። አሥር ሰዓት ላይ ላክሁት፤ ቀይ ጽሑፍ አልወጣም።

ጉባኤው ጽሑፋችንን የተቀበለው ለኅትመት ብቻ ነበር፤ መድረክ ላይ አልተጋበዝንም። የሚታተመው አብስትራክቱ ብቻ ስለሆነ ሙሉው ጽሑፍ ኮምፒውተሬ ውስጥ ቀረ። መጽሔቱ ሲወጣ የሲስተር ስም ከሁሉ ቀድሞ ነበር። አንድ ቅጂ ላክሁላቸው፤ ለሥራ ባልደረቦቻቸው እንዳሳዩ ሰማሁና ኮራሁ።

ቀጥሎ የሆነውን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። የዓመቱ ዕቅድ በሚወጣበት ስብሰባ የማዶውን ማቆያ ጥያቄ አነሱ። አንዱ ኃላፊ መጽሔቱን ገልጦ የመጨረሻዋን መስመር ጮክ ብሎ አነበበ። ያለው ማቆያ የወረዳውን እናቶች ጠብቋል ይላል። እንግዲህ ከጠበቀ ሁለተኛው ለምን ያስፈልጋል? ሲስተር ተነስተው፣ «ማዶ ያሉት በዚህ ውስጥ የሉም» አሉ።

ሰውየው ክፉ አልነበረም። በትሕትና ነው የመለሰላቸው።

«ሲስተር፣ የራስዎን ጽሑፍ ይክዳሉ እንዴ?»

ሌላ ሰው ቢሆን ይከራከር ነበር። እሳቸው ስማቸውን ወረቀቱ ላይ አይተው ተቀመጡ። ጥያቄያቸው ከዕቅዱ ወጣ። ኃላፊው ከላይ የተጻፈውን ዘዴ ቢያነብ መዝገቡ የመጡትን ብቻ እንደሚያውቅ ይገባው ነበር እያልኩ ለጥቂት ጊዜ ራሴን አጽናናሁ። ግን ዘዴ የሚያነብ ማን ነው? እኔም የሰው አብስትራክት ሳነብ መጨረሻውን ነው የማየው።

ለማስተካከል ሞክሬያለሁ። ለአዘጋጆቹ ጻፍኩ፤ የታተመ አይታረምም አሉ። ለኃላፊዎቹ ሙሉውን ጽሑፍ አባዝቼ ወሰድኩ፤ ገጹ ብዙ ነው፣ አሳጥረሽ አምጪ አሉኝ። ጠብ የሚል ነገር አልነበረም።

በሚቀጥለው ዓመት በዝናቡ ወራት ጠዋት ላይ ስልኬ ጮኸ። ሲስተር ነበሩ። ከማዶ ሰዎች ምጥ የያዛትን አንዲት ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ወንዙ ዳር አድርሰዋት ነበር። ግንዱ ሄዷል። ሲስተር በወዲህኛው ዳር ቆመው ነበር፤ ጓንታቸውን አጥልቀው፣ የሚያዩዋት ሴት ዘንድ መድረስ ሳይችሉ። ውኃው እስኪጎድል ጠበቁ። አልጎደለም። እሷም ልጁም እዚያው ሞቱ።

ሲስተር አላለቀሱም፤ የሥራ ጥያቄ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የተናገሩት።

«መዝገቡን ከፍቼ ተቀምጫለሁ» አሉ። «መጀመሪያ ያለው የደረሰችበት ሰዓት ነው። ይቺ አልደረሰችም። የት ልጻፋት?»

«አላውቅም፣ ሲስተር።»

«ኤዬ»፣ እሺ እንደማለት፣ አሉና ስልኩን ዘጉት።

ቢሮዬ ነበርኩ። የአብስትራክቱን ፋይል ከፈትኩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉ የለ፤ እጄን ግን መከልከል አልቻልኩም። አሳምሬ የጻፍኩትን የመጀመሪያውን መስመር አጠፋሁ። ሠላሳ አንድ ቃል ወጣ። በመግቢያው ሥር የጥናቱ ዓላማ ብቻ ቀረ፤ ምንም አልጎደለውም። የሲስተርን ሃያ ዘጠኝ ቃል ከውጤቱ ሥር መለስኩ፤ ከሁለት መቶ ሃምሳው ሁለት ቃል ተረፈ። በሁለቱ ድምዳሜው ላይ «ወደ ጤና ጣቢያው የመጡትን» የሚለውን መለስኩና ቆጣሪውን አየሁ።

ሁለት መቶ ሃምሳ። ልክ ገባ።